አሥር ኮምፒውተር፣ አንድ ሻንጣ

መምህሩ ወደ ሱቄ የመጣው ደብዳቤ እንዳነብለት ነበር። ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምተዳደረው። እሱ ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ደብዳቤው የተጻፈው ለአንድ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል፤ ማህተምም ፊርማም አለው። «ዓለም በቴክኖሎጂ በመጠቀችበት በአሁኑ ወቅት» ብሎ ይጀምርና «ኮምፒውተሮቻችን በብልሽት ምክንያት አገልግሎት መስጠት ስላልቻሉ አስፈላጊው መለዋወጫ ተሟልቶ እንዲላክልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብሎ ያበቃል።

አንብቤ ስጨርስ «የትኛው መለዋወጫ?» አልኩት።

«የሚያስፈልገው ሁሉ።»

«ስንቱ ነው የማይሠራው?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ሦስቱ ይነሳሉ፤ ሌሎቹን በደንብ አላየኋቸውም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። 54 ተማሪ በሦስት ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው የተበላሹትን ለማየት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ነገር ግን በዚሁ ዓይነት ደብዳቤ ከዚያ በፊት አንድ ካርቶን መጥቶላቸው ነበር። የላኩት ሌላ ሰው ናቸው፤ ገንዘባቸውንም ጊዜያቸውንም አውጥተዋል። ካርቶኑ ሲከፈት ስድስት ሜሞሪ ተገኘ፤ ስድስቱም የላፕቶፕ፣ ቁመታቸው የዴስክቶፑን ግማሽ የሚያህል። ጠፍጣፋ ጥርስ ያላቸው የአሜሪካ የኃይል ገመዶችም ነበሩ፤ የኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ ስለሆነ አይገቡለትም። ከነዚህ ጋር አንድ ፓወር ሰፕላይ ነበር። ከኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለችው፤ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር 115 ላይ ቆማለች። ማንም ልብ ሳይላት የኛ 220 ቮልት ተሰካበት። ድምፁን ዘበኛው ከበር ሆኖ ሰምቶታል ይባላል።

ላኪው አልተሳሳቱም። «መለዋወጫ» ተብሎ ተጻፈላቸው፣ መለዋወጫ ላኩ። ለመምህሩም ይህንኑ ነገርኩትና «ይህ ደብዳቤ ከብዕር በፊት ካቻቢቴ ይፈልጋል» አልኩት። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር አብረን ሄድን።

ክፍሉ ውስጥ አሥሩም አንድ ዓይነት ሆነው ሳገኛቸው ደስ አለኝ። ኤችፒ ኮምፓክ 6200 ፕሮ ናቸው፤ ትልቁና ቁሙ ዓይነት፣ በ2011 ገበያ ላይ የወጣው ሞዴል። አሥር ልዩ ልዩ ማሽን ቢሆኑ ኖሮ የአንዱ አካል ለሌላው አይሆንም ነበር። ተመሳሳይ ሲሆኑ ግን አንዱ ለሌላው መፈተሻም መለዋወጫም ይሆናል። ከመካከላቸው በትክክል የሚሠራውን አንዱን መርጠን በኖራ «1» ብለን ጻፍንበት። የቀኑን ሥራ ሁሉ የሠራነው በእሱ ነው፤ የተጠረጠረውን ዕቃ ወደ እሱ፣ የእሱን ደህና ዕቃ ወደ ተበላሸው እያዛወርን።

አራተኛውን ስናበራው የፊት መብራቱ በቀይ አምስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ትንሽ ያርፋል፤ እንደገና አምስት ጊዜ። አብሮት «ጢጥ ጢጥ» ይላል። ሰው ይህን ሲሰማ ማሽኑ እንዳበቃለት አድርጎ ያየዋል። እንዲያውም ማሽኑ ሕመሙን እየተናገረ ነው። በነዚህ ማሽኖች አምስት ብልጭታ የሜሞሪ ችግር ነው። አራት ቢሆን የኃይል፣ ሁለት ቢሆን የሙቀት። ድምፁ ከጥቂት ዙር በኋላ ይቆማል፤ መብራቱ ግን ስለሚቀጥል መቁጠር ያለበት መብራቱ ነው። ገመዱን ነቅለን ሜሞሪውን አወጣንና ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ በቀስታ አሸናቸው፤ ጥቁር ነገር ለቀቀ። መልሰን ሰካነው፣ ተነሳ። ለሁለት ዓመት «የተበላሸ» ተብሎ የቆመው ማሽን በአንድ ላጲስ ዳነ። መምህሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ምሬት ነበረው።

አምስተኛው ያንኑ አምስት ብልጭታ አሳየን፤ እሱን ግን ላጲስ አላዳነውም። ሜሞሪውን ወደ አንደኛው ማሽን ስንወስደው አንደኛውም አምስት ጊዜ ብልጭ አለ። እንግዲህ የሞተው ሜሞሪው ነው፤ ማሽኑ ደህና ነው።

ስድስተኛው አራት ብልጭታ ሰጠ። ፓወር ሰፕላዩ ደክሞ ይሁን ወይስ ሌላ አካል ኃይሉን እየጎተተበት ይሁን ለማወቅ ሃርድ ዲስኩንና ሲዲ ማጫወቻውን ነቀልን። አሁንም አራት። የአንደኛውን ፓወር ሰፕላይ ስናውሰው ተነሳ። ሰባተኛው ጭራሽ ድምፅ የለውም፣ መብራትም የለውም፤ እሱም በተውሶ ፓወር ሰፕላይ ተነሳ። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኝ የሚወዳትን አንዲት ሙከራ ላንሳ። ከፓወር ሰፕላዩ ትልቅ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ብረት ሲያገናኙት ፋኑ ይዞራል። ካልዞረ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል ማለት ነው። ከዞረ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ፋን ለማዞር ብዙ ኃይል አያስፈልግም፣ ኮምፒውተር ለመሸከም ግን ያስፈልጋል። የስድስተኛው ፓወር ሰፕላይ ፋኑ ሽክርክር ይል ነበር። ስለዚህ የሚታመነው በተውሶ መፈተሽ ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚመታ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ስምንተኛው በርቶ የዊንዶውስ ምልክት ያሳይና እዚያው ይቀራል፤ ጆሮ ለሚሰጠው ሃርድ ዲስኩ «ቃ… ቃ… ቃ» ይላል። ዘጠነኛው አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋና ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል። ስንከፍተው የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በእርሳስ ያዝነው፤ አቧራውን በብሩሽና በነፋሽ አወጣን። ደርቆ እንደ ጠመኔ የሆነውን የፕሮሰሰር ቅባት ጠርገን አዲስ ቀባነው። ዳነ።

አሥረኛው ነው የቸገረን። አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ብልጭታም ድምፅም የለም። ደህና ሜሞሪ ሰጠነው፣ ደህና ፓወር ሰፕላይ ሰጠነው፤ ያው ነው። ማዘርቦርዱን በባትሪ ብርሃን ስናይ የኔትወርክ ገመድ ከሚሰካበት ቦታ አጠገብ ጥቁር ጠባሳ አለ። በክረምት በመብረቅ ጊዜ በኔትወርክ ገመዱ የገባ ኃይል ሳይሆን አይቀርም። ፕሮሰሰሩን አውጥተን ዘጠነኛው ላይ ስንሞክረው ሠራ። የሞተው ቦርዱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ጠዋት የሚሠሩት ሦስት ነበሩ። በላጲስና በብሩሽ ሁለት ተጨመሩ፣ አምስት ሆኑ። ከዚያ አሥረኛውን ፈታን። ሜሞሪው ለአምስተኛው፣ ፓወር ሰፕላዩ ለስድስተኛው፣ ሃርድ ዲስኩ ለስምንተኛው ሄደ። ስምንት ሆኑ፤ ከባሕር ማዶ ምንም ሳይመጣ። የቀሩት ፓወር ሰፕላይ የሌለው ሰባተኛውና ባዶ ቀፎ የሆነው አሥረኛው ናቸው።

መምህሩ «ታዲያ አሁን ለምን እንጽፋለን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ስምንቱ ይነሳሉ እንጂ ይዘገያሉ። እያንዳንዳቸው 2 ጊጋባይት ሜሞሪና ዕድሜው የገፋ ሃርድ ዲስክ ነው ያላቸው። አንዱን አብርተን ሰዓት ያዝን፤ የመጻፊያው ፕሮግራም ተከፍቶ ጠቋሚዋ እስክትርገበገብ ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከዚህም ሌላ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም፤ የሚቀጥለው ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ስምንቱ ሰባት ይሆናሉ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገቡትን የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በዚያው ቀን የሚሠሩት ማሽኖች ላይ እነዚህን ትእዛዞች እየጻፍን መልሱን በደብተር ገለበጥን። የመጀመሪያው የማሽኑን ሞዴል፣ ሁለተኛው የሜሞሪውን መጠንና ቁጥር፣ ሦስተኛው የዲስኩን ሁኔታ ይነግራል፤ ዲስኩ `Pred Fail` ካለ ሊሞት ነው ማለት ነው።

```
wmic csproduct get name
wmic memorychip get capacity,partnumber
wmic diskdrive get model,status
```

ትእዛዝ የማይነግረውን ከዕቃው ላይ ራሱ ማንበብ ያስፈልጋል። የፓወር ሰፕላዩን ጎን መለያ ወረቀትና የማዘርቦርዱን ቁጥር በስልክ ፎቶ አነሳን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቅ አምራቾች ለቢሮ በሚሠሯቸው ኮምፒውተሮች ላይ ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ልክ ነው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ዋናው መሰኪያ ባለ 8 ቀዳዳ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው የተለመደው ደግሞ ባለ 24 ነው። «ፓወር ሰፕላይ ላኩልን» የተባለ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ማታ አዲሱን ደብዳቤ ጻፍነው። መምህሩ እየተናገረ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ እሱ እየሰረዘ። እንዲህ ነበር የሚለው፦

«ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እርስዎ የተማሩበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። የምንለምንዎ ዕቃ አንድ ሻንጣ የማይሞላ፣ 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው።

ያሉን 10 ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኤችፒ ኮምፓክ 6200 ፕሮ፣ ትልቁና ቁሙ። እርስ በርስ አካል አዋውሰን ዛሬ 8ቱ ይሠራሉ። ስማቸውንና ሕመማቸውን በሚቀጥለው ገጽ ጽፌአለሁ። የጎደለን ይህ ነው። አንደኛ፣ 10 ኤስኤስዲ ዲስክ፤ 240 ጊጋባይት፣ 2.5 ኢንች፣ ሳታ የሚባለው ዓይነት። ከዚህ የሚበልጥ መጠን አንፈልግም። ሁለተኛ፣ 11 ሜሞሪ፤ እያንዳንዱ 4 ጊጋባይት፣ ዲዲአር3፣ የዴስክቶፕ። ሲፈልጉ PC3-10600U ብለው ይጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው U እንዳትቀየር አደራ። አሥሩ ለአሥሩ ማሽን፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው። ሦስተኛ፣ 3 ፓወር ሰፕላይ፤ መለያው በፎቶው ላይ እንደሚታየው። ሁለቱ ዛሬውኑ ይገባሉ፣ አንዱ ይቀመጣል። አራተኛ፣ 1 ማዘርቦርድ፤ ያገለገለ ቢሆንም ይሁን፣ ቁጥሩ በፎቶው ላይ አለ። ፕሮሰሰሩ ስላለን ቦርዱ ብቻውን ይበቃናል። አምስተኛ፣ አንድ ትንሽ መርፌ የፕሮሰሰር ቅባት።

ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የኃይል ገመድና ዩፒኤስ እባክዎ አይላኩ። ያሉንን ጠግነናል፤ የጎደለውን እዚሁ እንገዛለን። የላፕቶፕ ሜሞሪም አይሆነንም።

ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ለክፍሉ ስታብላይዘር ይገዛል፣ የግራውንድ መስመሩን ያሠራል። ዕቃው በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ የትኛው ዕቃ የትኛው ማሽን ውስጥ እንደገባ ከፎቶ ጋር እልክልዎታለሁ። ያልሠራ ካለም ያልሠራውን እጽፋለሁ።

አክባሪዎ።»

ስለዝርዝሩ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ እያንዳንዱ ቃል የተከፈለበት ነውና።

ስለ U ፊደሏ። ገበያ ላይ ከዚችው ሜሞሪ ጋር መንታ የምትመስል፣ መጨረሻዋ R የሆነች አለች። የሰርቨር ናት፤ ብዙ ጊዜም ርካሽ ናት። ቀዳዳዋ ልክ ስለሆነ ትገባለች፣ ማሽኑ ግን አይነሳም። ዲዲአር2 ደግሞ እንደ ዲዲአር3 ሁሉ 240 ጥርስ አለው፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ ያለው ቅርጫ ቦታው ይለያል። አልገባ ሲል በአውራ ጣት የሚጫን ሰው መሰኪያውን ይሰብራል። ደግ ሰው ርካሽ አግኝቶ 20 R ቢልክ 20ውም መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀሩት።

ስለ ዲስኩ። መምህሩ መጀመሪያ 1 ቴራባይት ሊጽፍ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎች የሚጽፉት ሁሉ ተደምሮ የ240ውን ሩብ አይሞላም፤ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ለትልቁ ዲስክ ቦታ የሚሆን ብረት መያዣ እንኳ አያስፈልገውም፤ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር መለጠፍ ይበቃዋል። አሮጌው ማሽን ላይ ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ሻንጣው ለአንድ ነገር ብቻ ቦታ ቢኖረው ኖሮ ዲስኮቹን ነበር የምመርጠው።

ስለ ትንሿ ክብ ባትሪ አለመጠየቃችን የሚገርመው ጠጋኝ ይኖራል። ማሽኖቹ ሲበሩ ስክሪኑ ላይ `163-Time & Date Not Set` ይሉ ነበር፤ ቀናቸውን ረስተው ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል፤ ሰው ኢንተርኔቱን ያማል። መፍትሔው 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ትገኛለች። ከአሜሪካ ማስላክ አያስፈልግም። ላኪ ካለ ግን ልብ ይበል፤ ሊቲየም ስለሆነች መጠባበቂያ ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ጋር ነው የሚያዘው፣ በካርጎ አይገባም።

ጋሼ ደብዳቤው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ደወሉ። መምህሩ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ልጄ፣ የፓወር ሰፕላዩ ፎቶ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ 8 ይሁን 6 አልታየኝም።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁኑኑ አንስቼ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ።»

«ዊንዶውስስ? እሱንስ ልግዛላችሁ?»

ይህን ደብዳቤው ላይ መጻፍ ረስተን ነበር። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 (በአውሮፓውያን) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ የኛዎቹ ሁለተኛ ትውልድ ናቸው። ስለዚህ ፈቃድ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው አልናቸው። መምህሩ የወሰነው ስምንቱ ላይ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሥርዓት፣ ቀለል ያለውን `Xfce` ዓይነት ሊጭን፣ ሁለቱን ግን ከኢንተርኔት አላቅቆ በዊንዶውስ 10 ሊያቆይ ነው። ምክንያቱም የመማሪያ መጽሐፉ የሚያሳየው የማይክሮሶፍትን ገጽታ ነው፤ ተማሪው ፈተና ላይ የሚጠየቀውን ምናሌ አይቶት ማወቅ አለበት። በዚህ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም ነበር፤ እኔ አሥሩንም ሚንት አደርጋቸው ነበር። ግን ክፍሉ የእሱ ነው።

ጋሼ ሌላ ነገርም ጠየቁ፦ «ፓወር ሰፕላዩ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ ከሆነ፣ እኔ የምልከውስ ለምን አይቃጠልም?» ለጋሽ እንዲህ ሲጠይቅ ደስ ይላል። እውነቱን ነገርናቸው። አሥሩ ማሽን ከነሞኒተሩ እያንዳንዱ 100 ዋት ቢወስድ በድምሩ 1,000 ዋት፣ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ነው። ለአንድ መስመር ከባድ አይደለም። የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ለጥቂት ሰከንድ ከፍና ዝቅ እያለ ይንቀጠቀጣል፤ ማሽኖቹ ደግሞ እንደተሰኩ ናቸው። በዚያ ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ተቀጣጥሎ፣ አንዱ መሰኪያ ላልቶ ይፈነጥቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የገዛው ስታብላይዘር መብራት ሲመለስ ወዲያው የማይለቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያሳልፍ ማዘግያ ያለው ነው። ሱቅ ስትገዙ ይህች ቁልፍ መኖሯን እዩ፤ ብዙዎቹ ላይ አለች፣ ሻጩ ግን አይነግራችሁም። ይህ እስኪገዛ ድረስ መምህሩ አንድ ሕግ አወጣ፦ መብራት ሲሄድ በር አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ብሬከሩን ወደ ታች ያወርዳል፤ መብራት ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይነካውም። ወጪ የሌለው ነው፤ ሠርቷልም።

ሻንጣው የመጣው የጋሼ እህት ለበዓል ስትመጣ ነው። ማህተም ያለበት የደብዳቤው ቅጂና የዕቃው ዝርዝር አብሮ ነበር፤ ጉምሩክ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ሦስት የብረት ሳጥን ሲታይ «ይህ ምንድነው?» መባሉ አይቀርምና። ሻንጣ የሚያስይዝ ሰው ከመብረሩ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ይዞ ጉምሩክን ቢጠይቅ ይሻላል።

መዘንነው፤ 8 ኪሎ ከ300 ግራም። ሜሞሪዎቹ ሁሉም U ናቸው። አንዱን ማሽን ብቻ ጭነን አስተካከልንና በክሎንዚላ የዲስኩን ምስል እየገለበጥን ሌሎቹን ሞላናቸው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አሮጌዎቹን 2 ጊጋባይት ሜሞሪዎች ከአዲሶቹ ጎን ሰካናቸው፣ 6 ጊጋባይት ሆኑ። ስድስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማብራት ከአንድ ደቂቃ በታች ወረደ። ሰባተኛው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገባለትና ተነሳ። ዘጠኝ ሆኑ፤ 54ቱ ተማሪ አሁን ስድስት ስድስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። አሁንም ብዙ ነው፤ ሦስቱ ሲሠሩ ግን 18 ነበሩ።

አሥረኛው አልተነሳም። ያገለገለው ማዘርቦርድ ትክክለኛው ነበር፤ ቁጥሩም ይገጥማል። ነገር ግን በነዚህ ቦርዶች ፕሮሰሰሩ ላይ እግር የለም፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑት እግሮች ያሉት ቦርዱ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ነው። ሻጩ የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን ሳያደርግ ነበር የጠቀለለው። በመርፌና በአጉሊ መነጽር ሦስት ሰዓት ተቀምጬ አሥራ አንድ እግር አቃናሁ፤ ሁለቱ ተሰበሩ። መምህሩ ቃል እንደገባው ይህንንም ጻፈላቸው። ጋሼም «ክዳን ያለው ፈልጌ እልካለሁ» አሉ።

እስከዚያ አሥረኛው ክፍት ሆኖ በክፍሉ መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ ሜሞሪ ማውጣትና መክተት የሚለማመዱት በእሱ ነው። ማዘርቦርድ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ፣ ሶኬቱ ክዳን እንዳለው ከማሸጋችሁ በፊት እዩ፤ ክዳን ከሌለው ያገለገለ ፕሮሰሰር እላዩ ላይ ቆልፋችሁ ላኩት።